አሥር ክፍል ወይስ ስድስት?

በገርጂ፣ በሲኤምሲ ወይም በአያት በኩል ካሉት ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች በብዙዎቹ ውስጥ ዛሬ ሁለት ሰው ብቻ ይኖራል። ልጆች አድገው ወጥተዋል፤ አንዱ አሜሪካ፣ አንዷ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ፎቅ ላይ አራት መኝታ ቤት፣ ታች አንድ መኝታ፣ ሰፊ ሳሎንና ኩሽና፣ ጓሮ ደግሞ ሦስት ክፍል ሰርቪስ አለ። ወላጆቹ ለደረጃው ጉልበት አጥተዋል፤ ወደ ልጃቸው ዘንድ ለመጠጋትም አስበዋል። በዚህ መሐል ደላላው መጥቶ ሒሳቡን ይነግራቸዋል፦ «ግቢውን ሙሉውን ካከራያችሁት በወር 60 ሺህ ብር ነው። ሸንሽናችሁ ካከራያችሁት ግን አምስቱ መኝታ፣ ለሁለት የተከፈለው ሳሎንና ሦስቱ ሰርቪስ አሥር ክፍል ይሆናል። አሥር ክፍል በ9 ሺህ፣ 90 ሺህ።»

ማባዛቱ ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው ደላላው ባልቆጠረው ነገር ላይ ነው። ክፍል የሚከራየው በወር ቢሆንም የሚያተርፈው ወይም የሚያከስረው በዓመት ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ደግሞ ክፍሉ ባዶ የሚውልበት ጊዜ፣ ቤቱ የሚጎዳው ጉዳትና ባለቤቱ የሚደክመው ድካም አለ። ሦስቱ የተሳሰሩ ናቸው። ይህንን ለማሳየት ያንኑ ቤት በሦስት መንገድ እናስላው። የምጠቀምባቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸውና አንባቢ በራሱ ሰፈር ዋጋ ይተካቸው፤ የስሌቱ አካሄድ አይለወጥም።

መጀመሪያ ሙሉ ግቢውን ለአንድ ቤተሰብ ማከራየት። ቤተሰቡ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ይወጣል፤ ሌላ እስኪገባ አንድ ወር ባዶ ይውላል እንበል። ከ25 ወር 24ቱ ይከፈላል ማለት ነው፤ አማካዩ በወር 57 ሺህ 600 ብር ይመጣል። ውኃና መብራቱን ተከራዩ ይችላል። ለጥገና በወር 2 ሺህ 500 ብር ብናስቀምጥ ለባለቤቱ 55 ሺህ 100 ብር ይተርፈዋል። ስልኩም እምብዛም አይጮህም።

አሁን የደላላውን አሥር ክፍል እንውሰድ። መጸዳጃ ቤትና ኩሽና የሚጋራ ተከራይ ብዙ አይቆይም። ሲያገባ፣ ሥራ ሲቀይር፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲኳረፍ ወይም ሻል ያለ ቤት ሲያገኝ ይወጣል። አሥር ወር ተቀመጠ፣ ክፍሉ አንድ ወር ባዶ ዋለ ብንል 90 ሺሁ ወደ 82 ሺህ ገደማ ይወርዳል። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ውኃና መብራቱን ባለቤቱ ይከፍላል፤ በወር 9 ሺህ ብር እንበል። የጋራውን መጸዳጃ፣ ደረጃና ኩሽና በየቀኑ የሚያጸዳ፣ በሩንም የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ 10 ሺህ ብር። ለጥገና፣ ለቀለምና ለፍሳሽ ማስመጠጫ 7 ሺህ ብር። የሚተርፈው 56 ሺህ ብር እንኳ አይሞላም። ከሙሉ ግቢ ኪራዩ በወር የሚበልጠው ከሺህ ብር ባነሰ ነው፤ ያውም ሳሎኑን ለመክፈልና ቤቱን ለማሰናዳት የወጣው ገንዘብ ገና ሳይቆጠር።

የዚህ ውጤት ዋና ምክንያት የክፍሎቹ መብዛት ብቻ አይደለም፤ የሚጋሩት ነገር መብዛቱ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሚጎዳው የተከራዩ የግል ክፍል አይደለም። ሰው ራሱ የሚተኛበትን ክፍል ይጠርጋል፣ ግድግዳውን ይጠነቀቃል፣ መስኮቱን ቀስ ብሎ ይዘጋል። ቶሎ የሚያረጀው ማንም የእኔ የማይለው ነው፤ የሻወሩ ወለል፣ የኩሽናው ሲንክ፣ የደረጃው መደገፊያ፣ የውጪው በር ቁልፍ።

ፎቅ ላይ ያለውን መታጠቢያ ቤት እንይ። በአንድ ቤተሰብ ጊዜ በቀን ሦስት ሰው ይታጠብበት ነበር። በአሥር ክፍል ግቢ አሥራ ስድስት ሰው ቢኖር ስድስት ሰባቱ በዚያ ሻወር ይጠቀማሉ። ወለሉ የሚደርቅበት ጊዜ አያገኝም። በሴራሚኩ መካከል ያለው ሙሌት ይለሰልስና ይቦረቦራል፤ ውኃው ከሥር ይገባል፤ ከሥሩ ውኃ መከላከያ ካልተሠራለት ወደ ሶሌታው ይወርዳል። የመጀመሪያው ምልክት ላይ አይታይም፤ ታች ነው የሚታየው። በሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ቢጫ ክብ ይወጣል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ያብጣል፣ ከዚያ ልስኑ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ክቡ ሲታይ ቀለም ቀብቶ ማለፍ የተለመደ ነው፤ በሁለት ወሩ ተመልሶ ይወጣል። መደረግ ያለበት ሴራሚኩን አንስቶ ውኃ መከላከያ መሥራትና እንደገና ማንጠፍ ነው። ያ ሲሠራ ግን ስድስት ሰባት ሰው ለሳምንት ያህል የት ይታጠባል? ባለቤቱ ጥገናውን ዛሬ ነገ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስውር የውኃ ብክነትን ለማወቅ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ወደ ሮቶው የሚገባውን ውኃ ዘግቶ ከፍታውን በጠመኔ ምልክት ማድረግ፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ማንም ሳይነሳ መመልከት። አራት አምስት ጣት ከወረደ በሌሊት ሽንት ቤት የተጠቀመ ሰው ብቻ አይደለም የጨረሰው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በፍላሽ ውስጥ ያለ የአንዲት ጎሚኒ ነው፤ ዋጋዋ ትንሽ፣ የምታባክነው ውኃ ብዙ።

ሮቶውም ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ ባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ ስምንት ቀን ያቆያል። አሥራ ስድስት ሰው ግን በቀን 800 ሊትር ይጨርሳል፤ ያው ሮቶ ሦስት ቀን አይሞላም። ፈረቃው ከዚያ ከዘገየ ተከራዮች ጀሪካን ይዘው መውጣት ይጀምራሉ፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ቤት መፈለግ። የፍሳሽ ጉድጓዱም የተቆፈረው ለአንድ ቤተሰብ ልክ ነው። በሦስት እጥፍ ሰው በሦስት እጥፍ ፍጥነት ይሞላል፤ በክረምት ደግሞ መሬቱ ውኃ ጠግቦ ማስረጉን ሲቀንስ ቀድሞ ይገነፍላል።

ከሁሉ በላይ አስቸጋሪው ግን ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሺህ 500 ዋት የማያንስ ኃይል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጣዱ 32 አምፔር ይደርሳል። በመደበኛ ባለ 2.5 ሽቦ በተዘረጋ ሶኬት ላይ ይህ ሸክም ለሰዓታት ሲቆይ ሽቦው ይግላል። ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ባለ ግቢ የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው፤ ብሬከሩ ጧ ብሎ ይወርዳል፣ ከላይ ቤት አንዱ «ማነው ምጣድ የሰካው?» ይላል፣ ከታች ደግሞ «እትዬ፣ ዛሬ እኮ የኔ ተራ ነው!» የምትል ድምፅ ትመጣለች። እትዬ የተባሉት የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ለዚህች አቤቱታ ከሌላ ሰፈር በስልክ ይጠራሉ። አደገኛው ጊዜ የሚመጣው ብሬከሩ መውደቁን ሲያቆም ነው፤ በመውደቁ የተማረረ ሰው በትልቅ ብሬከር አስቀይሮት ይሆናልና። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። የሶኬቱ ፊት ወደ ቡናማ ከተለወጠ፣ ሲነቀል መሰኪያው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ምጣድ ሲበራ አምፖሉ የሚደበዝዝ ከሆነ መስመሩ መጠኑን አልፏል። መፍትሔው ለምጣድ ብቻ በባለ 4 ወይም በባለ 6 ሽቦ የራሱን መስመር መዘርጋት፣ ለዚያ መስመር የሚመጥን የራሱን ብሬከር ማድረግ ነው።

የጋራ ቆጣሪ ሌላም ጉዳት አለው። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም አነስተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እየወደደ ይሄዳል፤ ከ500 በላይ ያለው የመጨረሻው እርከን ነው። አሥር ክፍል በአንድ ቆጣሪ ሲሆን ለየብቻቸው ቢሆኑ በዝቅተኛ እርከን የሚቆዩ ሰዎች ተደምረው ከፍተኛው ላይ ይወጣሉ። በዚህ ላይ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። መብራትን በኪራይ ውስጥ ያካተተ ባለቤት ወጪው በየሩብ ዓመቱ ይወጣበታል፤ ኪራዩን ግን በዚያው ፍጥነት ማሳደግ አይችልም።

ለምን አይችልም የሚለው ወደ ሕጉ ይወስደናል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በሚሠራባቸው ከተሞች፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ የዋጋ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው የሚደረገው። ሁለት ዓመቱ የሚጠብቀው በይበልጥ ተከራዩን ነው፤ እሱ አስቀድሞ አሳውቆ መልቀቅ ይችላል። አሥር ክፍል ማለት እንግዲህ አሥር የጽሑፍ ውል፣ አሥር ምዝገባ፣ አንዱ በወጣ ቁጥር ደግሞ አዲስ ምዝገባ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተስማሙበት ዋጋ ለረጅም ጊዜ አብሮ ስለሚቆይ «ለጊዜው በርካሽ ልስጥና በኋላ እጨምራለሁ» የሚለው ያረጀ ልማድ ከእንግዲህ አያዋጣም።

ድካሙን ለመለካት ከሰዓት ይልቅ የተከራይ ለውጥን መቁጠር ይሻላል። አሥር ወር ተቀምጦ አንድ ወር ባዶ በሚውል ክፍል፣ በአሥር ክፍል፣ በዓመት ወደ አሥራ አንድ ለውጥ ይኖራል። በየወሩ አንድ ሰው እየወጣ አንድ ሰው ይገባል። ለእያንዳንዱ ክፍሉ ይታጠባል፣ አንድ ሁለት ግድግዳ ይቀባል፣ የበሩ ቁልፍ ይቀየራል፣ አምስት ስድስት ሰው መጥቶ ያያል፣ ደላላ ይከፈላል፣ ውል ይጻፋል። ባለቤቱ በዚህ ሲደክም መምረጥ ያቆማል፤ መጀመሪያ የመጣውን ያስገባል። ያ ሰው ከሌሎቹ ጋር አልስማማ ሲል ደግሞ ሁለት ደህና ተከራዮች ይወጣሉ። ባዶ ክፍል ባዶ ክፍል ይወልዳል የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ቁጥሩን መቀነስ ነው፤ ስንት ክፍል ይሁን የሚለውንም ከባለቤቱ ፍላጎት ይልቅ የፍሳሽ ቧንቧው ይወስነዋል። የሽንት ቤት ቧንቧ 110 ሚሊሜትር ነው፤ ሳይደፈን እንዲሄድ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲም ገደማ መውረድ አለበት። አዲሱ መታጠቢያ ከቁም ቧንቧው ስድስት ሜትር ቢርቅ 12 ሳንቲም ቁልቁለት ይፈልጋል፤ ያንን ሶሌታ ውስጥ መደበቅ አይቻልም፤ ወለሉን ማንሳት ወይም ቧንቧውን በታችኛው ክፍል ኮርኒስ ሥር ማሳለፍ ግድ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ መታጠቢያ የሚሠራው ከነባሩ ጋር ጀርባ ለጀርባ በሚገናኝ ግድግዳ ላይ ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

በምሳሌው ቤት ይህ ስድስት መኖሪያ ይሰጣል። ፎቅ ላይ ዋናው መኝታ የራሱ መታጠቢያ ስላለው እንዳለ ይሆናል። ሁለተኛው መታጠቢያ በሩ ወደ ጎን ዞሮ ለአጠገቡ መኝታ ይሰጣል። ቀሪዎቹ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ መኝታዎች በር ተከፍቶላቸው አንድ መኝታና አንድ መቀመጫ ይሆናሉ፤ ለእነሱ አዲስ መታጠቢያ ከነባሩ ጀርባ ይሠራል። ታች ሳሎኑና ኩሽናው ሳይከፈሉ ለአንድ ቤተሰብ፣ መኝታው ደግሞ የእንግዳ መጸዳጃው ሻወር ተጨምሮለት ለሌላ፣ ሦስቱ ሰርቪሶች ተያይዘው ለስድስተኛ። ሳሎኑን ለሁለት አለመክፈል ሲታይ ገንዘብ መጣል ይመስላል። ነገር ግን አንድ መስኮት ያለው ሳሎን ለሁለት ሲከፈል አንዱ ክፍል ጨለማ ይሆናል፤ በዓመቱ ውስጥ ደጋግሞ ባዶ የሚገኘውም እሱ ነው። በቺፕውድ ከተከፈለ ደግሞ የጎረቤት ስልክ ንግግር ቃል በቃል ይሰማል። ፎቅ ላይ በብሎኬት መክፈልም ያለ መሐንዲስ አይደረግም፤ ከሁለት ወገን የተለሰነ ባለ 10 ብሎኬት ግድግዳ በአንድ ሜትር ርዝመቱ 5 ኩንታል ገደማ ስለሚመዝን ከሥሩ ምሰሶ ወይም ቢም በሌለበት ሶሌታው ላይ ስንጥቅ ያወጣል። በክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ሳይጠይቁ መጀመርም በኋላ ለማፍረስ ይዳርጋል።

ለእያንዳንዱ መኖሪያ በአንድ ጥግ ሲንክና የምጣድ መስመር ይገባለታል፤ ለግቢው ስሪ ፌዝ ኃይል ይጠየቃል፤ ሁለት ሁለት መኖሪያ በየፌዙ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ በውስጥ ቆጣሪ የተጠቀመውን ያውቃል፤ ውሉም የመብራቱ ሒሳብ የተከራዩ መሆኑን ይናገራል። ሮቶው ወደ 5 ሺህ ሊትር ያድጋል። ለዚህ ሁሉ 900 ሺህ ብር ወጣ እንበል።

ኪራዩ ትልቁ ከፍ፣ ሰርቪሱ ዝቅ ብሎ በአማካይ 14 ሺህ ብር ነው፤ ስድስቱ 84 ሺህ ይሆናሉ። ከደላላው 90 ሺህ ያነሰ ነው። ነገር ግን የራሱ መታጠቢያና ማብሰያ ያለው ሰው ይቀመጣል። 22 ወር ተቀምጦ አንድ ወር ባዶ ቢውል አማካዩ 80 ሺህ 300 ብር ነው። ለጋራ ውኃ 2 ሺህ 500፣ ግቢና ደረጃ ለሚጠርግ 4 ሺህ፣ ለጥገና 3 ሺህ 500 ሲቀነስ 70 ሺህ 300 ብር ይተርፋል። በዓመት የሚኖረው የተከራይ ለውጥ ሦስት ነው፤ በአሥር ክፍሉ አሥራ አንድ ነበር። ከሙሉ ግቢ ኪራዩ በወር 15 ሺህ 200 ብር ይበልጣል፤ 900 ሺሁም በአምስት ዓመት ገደማ ይመለሳል። ከሁሉም መንገድ የኪራይ ገቢ ግብር አለና የጥገና ደረሰኝን ሁሉ ማስቀመጥ ልማድ ይሁን።

አምስት ዓመት አጭር ጊዜ አይደለም። በብድር የሚሠራ ሰው ወለዱን ሲጨምርበት ይረዝማል። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ ከመጀመር ታችኛውን ወለልና ሰርቪሱን አስቀድሞ መሥራት፣ ሦስቱን አከራይቶ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ማሳለፍ ይበጃል። ጉድጓዱ በሐምሌ ምን እንደሚሆን፣ ሮቶው በመጋቢት ስንት ቀን እንደሚያቆይ፣ ባለቤቱም ከሦስት ተከራይ ጋር እንዴት እንደሚውል በዚያን ጊዜ ይታወቃል። ፎቁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው ግን ባለቤቱ ወይም ቅርብ ዘመዱ በሳምንት አንዴ እንኳ ግቢውን መርገጥ ከቻለ ነው። ልጆቹ ውጭ አገር ሆነው በሰው የሚያስተዳድሩት ከሆነ ሌላ ነው። ለአስተዳዳሪው ከኪራዩ አሥር በመቶ ቢሰጡት 8 ሺህ ብር ይሄዳል፤ በወር ይበልጥ የነበረው 15 ሺህ ወደ 7 ሺህ ይወርዳል፤ ወጪው የሚመለሰውም ከአሥር ዓመት በኋላ ይሆናል። በአሥር ዓመት ውስጥ ደግሞ ሻወሮቹ ሁሉ አንድ ጊዜ መታደሳቸው አይቀርም። እንዲህ ላለው ባለቤት የምመክረው ግቢውን እንዳለ ለአንድ ቤተሰብ እንዲሰጥ ነው፤ ሰርቪሱን ብቻ በሩን ወደ ውጪ አድርጎ ለብቻ ማከራየት ይችላል፤ እሱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ዋናውን ቤትም አይነካም።